የቀሩት 94 ናቸው

እሁድ ማታ፣ ደሴ። ውጭ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። እኔ ደግሞ ለባንዳችን ኮንሰርት ማስታወቂያ ልጽፍ ተቀምጫለሁ። ኪቦርድ ተጫዋቹ እኔ፣ ማስታወቂያ ጸሐፊውም እኔ።

አምና ያጠፋሁትን አልረሳሁትም። ከ260 ወንበር 61 ብቻ ተሸጦ ሳለ “ትኬት ሊያልቅ ነው፣ ፍጠኑ!” ብዬ ለጠፍኩ። በዕለቱ የአዳራሹ የኋላ ግማሽ ባዶ ነበር። ከኮምቦልቻ የመጣው ጓደኛዬ ወንበሮቹን ዞር ብሎ አየና “አንተ፣ በዚህ ነው እንዴ ያጣደፍከን?” አለኝ። ምን ይባላል?

የባንዱ አለቃ ዘንድሮም “ዳግም የማይገኝ ምሽት” ብለህ ጀምር ይለኛል። ሦስት ወር ቆይተን ስንደግመውስ?

ይልቅ ፒያሳ ትኬት የምትሸጥልንን ልጅ ሰው ምን እንደሚጠይቃት ጠየቅኳት። ሦስት ነገር ነው አለችኝ፦ ስንት ሰዓት ነው፣ ስንት ብር ነው፣ ማታ ወደ ኮምቦልቻ መኪና አይጠፋም ወይ። ሦስተኛውን እኛ ጽፈነው አናውቅም። አምና እኮ ሰው አምባሰሉ ሳይጀመር እየተነሳ የወጣው ለዚህ ነው። ሐረጎን በጉም፣ በጨለማ መውረድ ማንም አይወድም።

ስለዚህ እንዲህ ጻፍኩ፦

“ቅዳሜ ጥር 23 ደሴ ላይ እንጫወታለን። በር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ ሙዚቃው 10 ሰዓት ይጀምራል፣ 12 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን። ከኮምቦልቻ ለምትመጡ የመመለሻ ሚኒባስ አናግረናል፤ ሒሳቡ የየራሳችሁ ነው። ትኬት እስከ ሐሙስ ማታ 200 ብር፣ ከዚያ በኋላና በር ላይ 300። ከ260 ወንበር እስከ ዛሬ እሁድ ማታ 94 ቀርቷል። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚገቡ፣ ከዚህ በኋላ የምንጫወተው ከፋሲካ ወዲያ ነው።”

የቃለ አጋኖ ምልክት አንድም የለበትም። “እስከ ዛሬ እሁድ ማታ” የምትለዋን ግን ሆን ብዬ ነው የጨመርኳት። ማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይከርማል፤ ቀን የሌለው ቁጥር ሰኞ ውሸት ይሆናል። ዋጋውም ሐሙስ ይጨምራል ካልን ይጨምራል። ዓርብ ለዘመድ በ200 ከሸጥን በሚቀጥለው ጊዜ ማን ቀድሞ ይገዛል?

ሐሙስ ጠዋት ቁጥሩን ቀይሬ አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ። በየቀኑ ሰው አልነዘንዝም።

የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ወዲያው ጻፈልኝ።

“የምር 94?”

“የምር።”

“በል ሁለት ያዝልኝ።”

አልያዝኩለትም። በአፍ የተያዘ ትኬት ከቁጥሩ አይቀነስም፣ አምና አስራ ምናምኑ ያዝልኝ ብሎ ቀርቷል። በቴሌብር ላክ አልኩት። ትንሽ አኮረፈ መሰለኝ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ 400 ብር ገባ።

92።