ከ58ኛው ሰከንድ በኋላ ብቅ የምትለው ሎጎ

ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ከጀመርኩ አራተኛ ወር ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ የ58 ሰከንድ ማስታወቂያ በስልኬ፣ በካፕካት አፕ ሠራሁላቸው። ሱቃቸው ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን እየተደጋገመ የሚታይ ነው። ፍላሽ ላይ ጭኜ ስሰካው ጨርቁ ሲቆረጥ፣ የስፌት መኪናው ሲሠራ፣ የተሰቀሉት ቀሚሶች፣ ሁሉም ባሰብኩት መልክ ሄደ። መጨረሻው ላይ ግን ስክሪኑ ጠቆረና የአፑ ሎጎ ብቅ አለች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስተኛው ዙር ላይ ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው "ልጄ፣ ይሄ ደግሞ የማን ሱቅ ነው?" አሉኝ።

ስህተቱ የኔ ነው፤ ኤክስፖርት ከማድረጌ በፊት ታይምላይኑን እስከ ጫፉ አላየሁትም። ቤት ተመልሼ ነገሩን በደንብ ተከታተልኩት፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ሎጎዋ ለምን እንደምትገባ። ነፃ አፕ ከእኛ ገንዘብ ባይቀበልም ቪዲዮዎቻችን ለብዙ ሰው ስለሚደርሱ ማስታወቂያውን በእነሱ ላይ ያስኬዳል። ቪዲዮውን ወዶ እስከ መጨረሻው ያየ ሰው "በምን ተሠራ?" ብሎ በሚያስብበት ሰዓት መልሱ ከፊቱ ይመጣለታል። መደበኛው ቅንብር በርቶ ስለሚመጣ፣ እንደኔ ልብ ያላለ ሰው ሁሉ ሎጎዋን ይዞ ይወጣል። ልብ ላለ ሰው ደግሞ ማጥፊያው እዚያው አፑ ውስጥ አለለት። ስለዚህ እሷን ማውጣት የተፈቀደ ነገር ነው፤ አንድም የተሰበረ ሕግ የለም።

ሎጎዋን የያዘችው ይቺ ጥቁር የመጨረሻ ካርድ ምስሉ ላይ ከሚለጠፈው ዋተርማርክ የምትለየው ራሷን የቻለች ክሊፕ በመሆኗ ነው። ከመጨረሻው ክሊፓችሁ ቀጥላ ታይምላይኑ ላይ ተቀምጣለች። ታይምላይኑን ወደ ግራ እስከ ጫፉ ጎትቱት፣ ጥቁሯን ክሊፕ አንዴ ንኩና Delete በሉ። በቃ። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ይህን ላለመድገም ደግሞ የአፑን ቅንብር ከፍታችሁ Add default ending የሚለውን አጥፉት፤ እርግጠኛ መሆናችሁን ሲጠይቃችሁ አረጋግጡለት። ከዚያ በኋላ የምትጀምሩት ሥራ ያለ ካርዷ ይከፈታል። ቀድሞ የተጀመረ ሥራ ካላችሁ ግን ውስጡ ያለችውን ካርድ በእጃችሁ አውጧት።

እኔን ለሁለተኛ ጊዜ ያታለለኝ ሙዚቃው ነው። ካርዷን አጥፍቼ ኤክስፖርት ሳደርግ ቪዲዮው 58 ሰከንድ ሳይሆን 1 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ሆኖ ወጣ። መጨረሻው ላይ ሎጎ የለም፣ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ሙዚቃው ይቀጥላል። ሙዚቃውን የቆረጥኩት ካርዷ ባለችበት ርዝመት ስለነበር፣ እሷ ስትወጣ ጅራቱ ብቻውን ቀረ። ጽሑፍ ወይም ስቲከር ከቪዲዮው አልፎ ሲረዝምም እንዲሁ ያጋጥማል። መለያው ቀላል ነው፤ አፑ የሚያሳየው ጠቅላላ ርዝመት ከመጨረሻው ክሊፕ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ጅራቱን በ58ኛው ሰከንድ ላይ ቆርጬ ድምፁን በአንድ ሰከንድ ፌድ አውት አወረድኩት። አሁን መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ሳይደናቀፍ ይገጥማል።

ሥራውን ከአፑ ላይ አጥፍታችሁ የወጣው ፋይል ብቻ ከቀራችሁም መፍትሔ አለ። የስልካችሁ ጋለሪ ያለው መቁረጫ ይበቃል። ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ፕሮግራም ጥራቱን ሳይነካ ሊቆርጠው ይችላል፦

```
ffmpeg -i suq.mp4 -t 58 -c copy suq2.mp4
```

`-c copy` ምስሉን እንደ አዲስ አይጨምቀውም፣ እንዳለ ይገለብጠዋል። ከፊት መቁረጥ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ምስል የያዘ ፍሬም እስኪገኝ ድረስ ቦታው ይዛነፍ ነበር፤ ከኋላ ሲቆረጥ ግን ያ ችግር የለም።

ማዕዘን ላይ የሚለጠፈው ዋተርማርክ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከምስሉ ጋር አብሮ ስለሚቀረጽ በመቁረጫ አይወጣም። ኪንማስተር ላይ የሚነሳው በክፍያ ነው፤ ኢንሾት ደግሞ ማስታወቂያ አይታችሁ እንድታነሱት ይፈቅዳል። ኮምፒውተር ላይ ሾትከትና ኬደንላይቭ ከነጭራሹ ሎጎ አያስገቡም። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ቅጂም አያስገባም፣ የሚከፈልበትን ኢፌክት ካልተጠቀማችሁ በስተቀር። ከቴሌግራም ቻናል የሚወርዱትን "ሎጎ የሌለው" ተብለው የተነካኩ አፖች እንዳትጭኑ አደራ እላለሁ፤ ፈቃድ የላቸውም፣ የጋለሪያችሁንም በር ለማታውቁት ሰው ትከፍታላችሁ።

ትናንት አዲሱን ፋይል ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አንድ ቀሚስ እየተኮሱ አራት ዙር አዩት፤ ከቀሚሶቹ በኋላ ወዲያው መቀሱ መጣ።