ለእማዬ ፋርማሲስት የጻፍኩት ደብዳቤ

እማዬን መድኃኒቶችሽ ምን ምን ናቸው ብዬ በስልክ ስጠይቃት የምትነግረኝ በመልካቸው ነው። "ትልቋ የስኳር፣ ትንሿ የግፊት፣ ያቺ ልስልሷ ደሞ የእንቅልፍ" ትለኛለች። በዚህ ላይ እግሯ ማበጥ ጀምሯል፣ ማታ ማታ ጫማዋ አልገባ ይላታል፣ እና ለሱ ደሞ የሚያሸና ኪኒን ሊጨመርላት እንደሆነ ስሰማ ሌላ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ያሉት ይጣሩ አልኩ። ወንድሜ ሁሉንም ፎቶ አንስቶ ላከልኝና ሁሌ መድኃኒቷን ለሚሰጣት ፋርማሲስት ደብዳቤ ጻፍኩ። አስቀድማ እማዬ ራሷ ሄዳ "ልጄ የምትጠይቅዎትን ይንገሯት" ብላዋለች፣ ያለሷ ፈቃድ የሷን ነገር ለኔም ቢሆን አይናገርም፣ እንደዛ መሆኑንም እወድለታለሁ።

ፎቶው ራሱ ቀላል አልነበረም። ብልቃጥ ክብ ስለሆነ በአንድ ፎቶ የስሙ ግማሽ ብቻ ነው የሚታየው፣ ፍላሽ ከበራ ደሞ ላስቲኩ ያብለጨልጭና ቁጥሩን ያጠፋዋል። ስለዚህ ወንድሜ መስኮት አጠገብ ሆኖ ፍላሹን አጥፍቶ ብልቃጡን እያዞረ ደጋግሞ አነሳው። ከትልቁ የንግድ ስም ስር በትንሹ የተጻፈው ዋናው የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊግራሙ፣ ኤክስፓየር ዴቱ፣ ፋርማሲው የለጠፈው የአወሳሰድ ጽሁፍ፣ እነዚህ አራቱ መነበብ አለባቸው። ኪኒኑንም አውጥቶ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ በሁለቱም ፊቱ አነሳው፣ ምክንያቱም እማዬ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው መገልበጥ ትወዳለች፣ ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ላይገናኝ ይችላል።

የጻፍኩት ይሄ ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የእናቴን መድኃኒቶች ፎቶ በቁጥር ለይቼ ልኬልዎታለሁ። የምጠይቅዎት እያንዳንዱ በጥቅሉ ምን እንደሚያክም አይደለም፣ እሱን አንብቤዋለሁ፣ ለሷ ለየትኛው ህመም እንደታዘዘላት እንዲነግሩኝ ነው። አንደኛው ሜትፎርሚን 500 ነው፣ የስኳር እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለተኛው ብልቃጥ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ይላል። ሶስተኛው ፓኮ ኖርቫስክ 5 ሚሊግራም ነው፣ ይሄን ሌላ ክሊኒክ ሄዳ ነው የጻፉላት፣ ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት ትወስዳለች። አራተኛው አሚትሪፕቲሊን 25 ነው፣ እሷ የእንቅልፍ ነው ትላለች፣ ሳነብ ደሞ የድባቴ መድኃኒት ነው ይላል፣ እናቴ እንደዛ ያለ ህመም እንዳላት ማንም አልነገረኝም፣ ደብቃኝ ይሆን ብዬ ተጨንቄያለሁ። አምስተኛው ምንም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ነው። እግሯ ደሞ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያብጣል፣ ጠዋት ይቀንሳል፣ ማታ ይብሳል። እርስዎ ሳይነግሩን ምንም አናቆምም።"

መልሱን በድምጽ ነው የላከልኝ፣ ረጅም ነው፣ ደጋግሜ ሰማሁት።

የጀመረው ከሁለተኛውና ከሶስተኛው ነው። ኖርቫስክ የንግድ ስም ነው፣ በፓኮው ላይ ከስሩ በትንሹ ያለውን አንብቢው አለኝ፣ አምሎዲፒን ይላል። ማለት እማዬ ሁለት የግፊት መድኃኒት የምትወስድ መስሏት አንዱን መድኃኒት ሁለቴ ነበር የምትወስደው፣ 5 እና 5፣ በቀን 10 ሚሊግራም፣ ይሄ ደሞ የመድኃኒቱ የመጨረሻው መጠን ነው፣ በእድሜ ለገፋ ሰው ብዙ ጊዜ ከ2.5 ነው የሚጀመረው። ታዲያ አምሎዲፒን በጣም ከሚታወቅበት ጎንዮሽ ጉዳት አንዱ የቁርጭምጭሚት እብጠት ነው፣ መጠኑ ሲጨምር እብጠቱም ይጨምራል። ትንንሾቹን የደም ስሮች ስለሚያሰፋቸው ፈሳሹ ወደ ታች ወደ እግር ይሰርጋል እንጂ ሰውነቷ ውስጥ ውሃ በዝቶ አይደለም፣ ለዛም ነው የሚያሸና ኪኒን ለእንደዚህ አይነቱ እብጠት ብዙም የማይፈይደው። ያንን ብትጀምር ኖሮ አንዱ መድኃኒት ያመጣውን ለማከም ሌላ መድኃኒት መጨመር ነበር፣ ሽንቷን ሲያመላልሳት ደሞ ሌሊት ተነስታ ልትወድቅ።

ግን ወዲያው "ከዚህ ነው ብዬ በፎቶ አልፈርድም" አለ። እግር በልብም በኩላሊትም ያብጣል፣ አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም ወይም ትንፋሽ ቢያጥራት ቀን ሳትቆጥር ሐኪም ጋ ትሂድ አለኝ። እሱ ራሱ ለሐኪሟ ደወለ፣ ሐኪሙም አይቷት አንዱ 5 ሚሊግራም ብቻ እንዲቀር አደረገ፣ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ግፊቷ እየተለካ እንዲጻፍ፣ የሚያሸናው ደሞ እንዲቆይ። አምሎዲፒን ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ እብጠቱ በማግስቱ ካልጎደለ አትደንግጡ ብሎናል።

አራተኛው ላይ ግን ልቤን አሳረፈልኝ፣ ከዛ መልሶ አሳሰበኝ። አሚትሪፕቲሊን ለድባቴ ሲሰጥ መጠኑ ከፍ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜ 75 ሚሊግራምና ከዛ በላይ። 10 ወይም 25 ሆኖ ማታ ማታ ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ለነርቭ ህመም ነው። የማዘዣ ወረቀቷን አይቶ እማዬም የተሰጣት ስኳሩ ነርቯን ነክቶት እግሯን ውስጥ ውስጡን ስለሚያቃጥላት እንደሆነ ነገረኝ። ኪኒኑ የሚያስተኛ ስለሆነ የእንቅልፍ ነው ብላ ይዛዋለች፣ ስለዚህ እንቅልፍ እንቢ ያላት ቀን ብቻ ነበር የምትውጠው! ለነርቭ ህመም ደሞ በየማታው ካልተወሰደ አይሰራም፣ ለውጡ እስኪታይም ሳምንታት ይፈልጋል። ምነው ማቃጠሉ አለቀቀኝም ስትለኝ የኖረችው ለካ መድኃኒቱ በቅጡ ተወስዶ ስለማያውቅ ነው። የምን እንደሆነ አለማወቅ አወሳሰዱን እንደዚህ ሊያበላሽ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቢሆንም ይሄንን መድኃኒት አዛውንት ላይ እንደሚፈራው አልደበቀኝም። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ከተኙበት ሲነሱ ያዞራል። ሌሊት ስትነሳ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ትቀመጥ፣ መብራት ታብራ፣ ሽንት አልመጣ ካላት ወይም መዘባረቅ ከጀመረች ቶሎ ይነገረን አለ። ሐኪሙም በሚቀጥለው ቀጠሮ ትቀጥል ወይ ትቀየር የሚለውን ያያል።

አምስተኛውን ሊነግረኝ ፈቃደኛ አልሆነም። ኪኒኖቹ ነጭ ክብ ናቸው፣ ፊታቸው ላይ ፊደልም ቁጥርም የለም፣ እንደዛ የሚመስሉ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው፣ በመገመት የሚመጣው ጉዳት ይከብዳል፣ እንዳትወስደው፣ ብልቃጡን እንዳለ ያምጡልኝ አለ። እኔ ትንሽ ብለምነውም አልተበገረም። አሁን ሳስበው በሌሎቹ ላይ የነገረኝን አምኜ የተቀበልኩት በዚህኛው እንቢ ስላለኝም ጭምር ነው።

ትናንት ወንድሜ በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ በደማቅ ስክሪብቶ ጽፎ ለጠፈላት፦ "ለግፊት፣ ጠዋት 1"፣ "ለስኳር፣ ከምግብ ጋር"፣ "እግር ለሚያቃጥለው፣ በየማታው 1፣ የእንቅልፍ አይደለም"። ኖርቫስኩን ከቤት አውጥቶ ለፋርማሲው መለሰው። የግፊቷን ቁጥር በየቀኑ ፎቶ አንስቶ እየላከልኝ ነው፣ ሳምንቱ ሲሞላ ሙሉውን ለሐኪሙ እልክለታለሁ፣ እብጠቱም ጎደለ ወይስ አልጎደለም የሚለው ያኔ አብሮ ይታያል።