ፋይሉ ጠፍቶ ቦታው የማይመለስበት ምክንያት

ዲስክ እየሞላ ይቋረጥ የነበረው የዳታ ማደሻ ስክሪፕቴ አሁን ያለችግር እየሠራ ነውና ደስ ብሎኝ ላካፍላችሁ። ስክሪፕቱ ሌሊት ጥሬውን ፋይል ያወርዳል፣ ከእሱ ስናፕሾት ይሠራል፣ በመጨረሻም `current` የሚባለውን ሊንክ ወደ አዲሱ ስናፕሾት ያዞራል። ፎልደሮቹ በሙሉ የተሰየሙት `2025-03-14` በሚመስል ቀን ነው።

ለማጽዳት ብዙ ሰው የሚመክረው `find -mtime +7` ነው። ለዚህ ሥራ ግን ፈጽሞ አልመክረውም። ምንጩ ለሁለት ሳምንት ቢቋረጥ አዲስ ስናፕሾት አይመጣም፤ ዕድሜን ብቻ የሚያየው ትእዛዝ ግን በእጃችሁ ያሉትን ደህና ስናፕሾቶች አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል። እኔ የቅርቦቹን ሦስት በቁጥር ነው የማስቀረው፦

```
cd /srv/data/snap || exit 1
ls -1d 20??-??-?? | sort -r | tail -n +4 | xargs -r rm -rf --
```

ብዙ ያደከመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማጽጃው ያለስህተት ይጨርሳል፣ `du` ቦታው እንደቀነሰ ይናገራል፣ `df` ግን ዲስኩ እንደሞላ ነው ይላል። ሊኑክስ ላይ `rm` የሚያጠፋው የፋይሉን ስም ነው። ፋይሉን የከፈተ ፕሮሰስ እስካለ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ስናፕሾቱን የሚያነበው ሰርቪስ ደግሞ ሲነሳ የከፈተውን ፋይል ይዞ ይቆያል፤ ሊንኩ ቢዞርም እሱ የሚያነበው የድሮውን ነው። ማን እንደያዘው ይህ ያሳያችኋል፦

```
lsof -a +L1 /srv/data
```

ትእዛዙ ስማቸው ጠፍቶ አሁንም የተከፈቱ ፋይሎችን ከነፕሮሰሳቸው ይዘረዝራል። (`+L1` ከፋይል ሲስተም ስም ጋር እንዲሠራ `/srv/data` ራሱን የቻለ ማውንት መሆን አለበት፤ ካልሆነ ብቻውን `lsof +L1` በሉ።) መፍትሔው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ ሊንኩን ማዞር፣ ሰርቪሱን እንደገና ማስነሳት፣ ከዚያ ማጽዳት። ሪሎድ ብቻ የሚበቃው ፕሮግራሙ የድሮውን ፋይል በእርግጥ የሚዘጋ ከሆነ ነው። ካልዘጋ ሪስታርት አድርጉት።

የዲስኩን መጠን ስታስቡ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ የሚቀረውን ሳይሆን መሃል ላይ የሚደርስበትን ከፍተኛውን አስሉ። ጥሬው 3 ጊጋባይት፣ ስናፕሾቱ 4 ጊጋባይት ቢሆንና ከሁለቱም ሦስት ሦስት ብታስቀሩ 21 ይሆናል። ማጽዳቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ግን ለአፍታ አራተኛው ጥንድ ይጨመርና 28 ይደርሳል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ከማውረዱ በፊት `df` አይቶ ባዶ ቦታው ከ8 ጊጋባይት በታች ከሆነ ምንም ሳይነካ እንዲወጣ አድርጌዋለሁ።

በግንባታ ላይ ያለ ፎልደር በቀን ስም መጠራት የለበትም። መሃል ላይ ሥራው ቢቋረጥ ያላለቀው ከሦስቱ እንደ አንዱ ይቆጠርና አንድ ደህና ስናፕሾት ያስጠፋል። እኔ `tmp-` ብዬ እጀምርና ተፈትሾ ካለፈ በኋላ `mv` አደርገዋለሁ፤ የቀረ `tmp-` ካለ ቀጣዩ ዙር ሲጀምር ይጠርገዋል።