240 ጃኬት፦ በቅናሽ ልሽጥ ወይስ ልያዝ?

የዝናብ ጃኬቶቹ መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ነበር። ስቆጥራቸው 240 ሆኑ። አንዱ የመጣበት ዋጋ 100 ነው፤ የምሸጠው በ150። (ቁጥሮቹን በየትኛውም ገንዘብ አስቧቸው፤ ቁም ነገሩ ንፅፅሩ ነው።) መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይሄዱ ነበር። በአንድ ወር 40፣ በሚቀጥለው 30፣ ከዚያ 20 ተሸጠ። አዲሱ ሞዴል ደግሞ ገብቷል።

አብራኝ የምትሠራው እህቴ «በ90 እናውጣቸው» አለች። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ከመጣበት በታች እንዴት ይሸጣል? እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ እነዚህኑ 240 ጃኬቶች በ90 ውሰድ ቢልህ ትገዛለህ?»

መልሴ «በፍፁም» ነበር። ይህ ሞዴል እየቀዘቀዘ መሆኑን አውቃለሁና። ግን በ90 መሸጥ እየቻልኩ ማስቀመጥ ማለት፣ በ90 ገዝቶ እንደማስቀመጥ ነው። የከፈልኩት 100 ሄዷል። ብሸጥም ባልሸጥም አይመለስም። ስለዚህ ከሂሳቡ አወጣሁትና ከዛሬ ጀምሮ የሚገባውንና የሚወጣውን ብቻ ለማስላት ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ኪራዩን ያዝኩ። ጃኬቶቹ ያሉበት ክፍል በወር 480 ይከፈልበታል። በ240 ሳካፍለው በወር ለአንድ ጃኬት 2 ብቻ ወጣ። «ይሄማ ምንም አይደል» አልኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ዕቃው ሲቀንስ ኪራዩ አብሮ አይቀንስም። 10 ጃኬት ቢቀርም ክፍሉ 480 ነው። በወር 20 እየሸጥኩ ብጨርስ 12 ወር ይፈጃል። ያ 5,760 ኪራይ ነው፣ ለአንድ ጃኬት 24። ከትርፌ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው።

ይህ ግን የሚሠራው ክፍሉን ስጨርስ መልቀቅ ስለምችል ነው። ቦታው የራስህ ከሆነና ባዶውን የሚቀመጥ ከሆነ፣ የማስቀመጫው ወጪ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ቦታው ጠቦ ሌላ ዕቃ ማስገባት ካልቻልክ ደግሞ ወጪው ኪራዩ ሳይሆን ያ ሌላ ዕቃ ያመጣልህ የነበረው ትርፍ ነው። ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል።

ከዚያ የታሰረው ገንዘብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የባንክ ወለድን ይወስዳል። እኔ የጠየቅኩት ገንዘቡ በእጄ ቢኖር ምን እሠራበት ነበር የሚለውን ነው። በየወሩ የሚያልቁብኝ ሌሎች ዕቃዎች አሉ። ገንዘቡ እዚያ ቢገላበጥ ከወጪ ቀሪ በወር 4 በመቶ ያህል ያመጣል። ጥንቃቄ ላድርግ ብዬ 3 በመቶ ያዝኩ። ሌላም ነገር አለ፦ የታሰረብኝ ጃኬቶቹ የወጡበት 24,000 አይደለም። የታሰረው ዛሬ ብሸጥ በእጄ የሚገባው ገንዘብ ነው።

አሁን ሁለቱን መንገዶች ማወዳደር ይቻላል። በወር 20 ጃኬት በ150 ቢሸጥ 3,000 ይገባል፤ ኪራዩ ሲቀነስ 2,520 ይቀራል። ይህ በ12 ወር ተከፋፍሎ ስለሚመጣ ዛሬ ከሚገኝ ገንዘብ ያንሳል። በኤክሴል ወደ ዛሬ ዋጋ የሚቀይረው ይህ ነው፦

```
=PV(3%,12,-2520)
```

25,084 ወጣ። ለ240 ሲካፈል ለአንድ ጃኬት 104 ከምናምን። ስለዚህ በዚህ ሂሳብ ከሄድኩ በ90 መሸጥ ኪሳራ ነው፤ መያዝ ይሻላል። ልቤ የፈለገውን ስላገኘሁ እዚህ ላይ ላቆም ነበር።

እህቴ ግን የሽያጭ መዝገቡን አመጣችው። 40፣ 30፣ 20። «በወር 20 እንደሚሸጥ ማን ነገረህ?» አለች። እውነቷን ነው። የሚወርድ ቁጥር ይዤ የመጨረሻውን እንደማይነቃነቅ ቆጥሬዋለሁ። ስለዚህ እንደገና ሠራሁት። በዓመቱ ውስጥ በአማካይ በወር 10 ብቻ ቢሸጥ፣ የቀሩት 120 ደግሞ በመጨረሻ በ60 ቢወጡስ? ወርሃዊው ቀሪ 1,020 ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ 7,200 ይመጣል፦

```
=PV(3%,12,-1020,-7200)
```

15,203። ለአንድ ጃኬት 63 ገደማ። በ90 ቶሎ መሸጥ አሁን በሰፊው ይበልጣል።

ያስገረመኝ ይህ ነው። ስለ ኪራይና ስለ ወለድ ስጨቃጨቅ ከርሜ ውሳኔውን የገለበጠው የሽያጩ ፍጥነት ሆነ። አሁን ማንኛውንም ዕቃ ስመረምር መጀመሪያ የማየው ያለፉትን ሦስትና አራት ወሮች ሽያጭ ነው፣ ድምሩን ሳይሆን አካሄዱን።

በአንዴ ግን 40 በመቶ አልቀነስንም። ለሁለት ሳምንት በ120 ሞከርን፤ 38 ተሸጠ። ፍጥነቱ ቅናሹ አዲስ ስለሆነ የመጣ ግርግር ይመስል ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወደ 90 አወረድን፤ በሦስት ሳምንት 130 ሄደ። የቀሩት 72 ባብዛኛው በጣም ትልቅና በጣም ትንሽ ቁጥሮች ነበሩ። እነዚያን እያንዳንዱን ገዢ ከመጠበቅ በጅምላ በ65 ሰጠናቸው። ከተገመተው 63 በላይ ስለሆነ አላቅማማሁም።

ድምሩ 20,940 ሆነ። የሁለት ወር ኪራይ 960 ሲወጣ 19,980። ከመጣበት አንፃር ኪሳራ ነው፣ አልክደውም። ግን ይዘን ብንቀመጥ ከምናገኘው 15,203 ይበልጣል። ክፍሉንም ለቀቅን።

አንድ ስህተት ግን ሠርቼ ነበር። የቅናሹን ጃኬት ከአዲሱ ሞዴል ጎን ሰቀልኩት። አዲሱ በሳምንት 12 ይሸጥ የነበረው ወደ 7 ወረደ። በአምስት ሳምንት 25 ያህል ሙሉ ዋጋ ሽያጭ አጣሁ ማለት ነው። በአንዱ 50 ትርፍ ቢታሰብ 1,250። ይህም የቅናሹ ወጪ ነው፤ ሲቀነስ 18,730 ይቀራል። አሁንም ውሳኔው ልክ ነው፣ ግን ልዩነቱ ጠቧል። አሁን የማጣሪያ ሽያጭ ዕቃ ለብቻው፣ ከአዲሱ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። መቼ እንደሚያበቃም ቀኑን እጽፍበታለሁ፤ ያለበለዚያ ደንበኛው ሌላውንም ዕቃ ቅናሽ እስኪወጣ ይጠብቃል።

በዚያው ሰሞን 90 ነጭ ሸሚዞችም ተርፈው ነበር። እነሱንም አብሬ በቅናሽ ላወጣቸው ተቃርቤ ነበር። መዝገቡን ሳየው ግን ሽያጩ በወር 14፣ 15፣ 14 ነው። ፋሽን አይሽራቸውም፣ የተቀመጡትም ሱቅ ውስጥ በማንም ያልተያዘ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ተጨማሪ ኪራይ የለም። በ6 ወር ገደማ በሙሉ ዋጋ ያልቃሉ። የገንዘቡን መታሰር በወር 3 በመቶ አስቤም ቢሆን 10 በመቶ እንኳ መቀነስ አላዋጣም። ባሉበት ተውኳቸው፤ አዲስ ትዕዛዝ ብቻ አቆምኩ።