ቲፒኤም ቫይረስ አይከላከልም

ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ላፕቶፕ ይዘው ጥገና ቤታችን መጡ። ኮር አይ 5፣ 7ኛ ጀነሬሽን፣ ኤስኤስዲ የተገጠመለት፣ ደህና ማሽን ነው። ዊንዶውስ 11 ይጫንልኝ አሉ። ስንፈትሸው ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ክፍል፣ ቲፒኤም 2.0፣ አለው፣ ሴኪዩር ቡትም አለው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ሲደርስ ግን «The processor isn't currently supported for Windows 11» አለን።

ባልደረባዬ ወዲያው «ይሄ ከእንግዲህ የቫይረስ መጫወቻ ነው፣ ቲፒኤሙ የሚሠራ አዲስ ይግዙ» አላቸው።

«ቲፒኤም እኮ ቫይረስ አይከላከልም» አልኩት።

«ታዲያ ማይክሮሶፍት ለምን ይጠይቃል?»

ቲፒኤም የተቆለፈ ዲስክ ቁልፍ ያስቀምጣል። ማሽኑ ሲነሳ የተነካካ ነገር ካገኘ ቁልፉን አይለቅም። ኢሜይል ላይ የመጣ ክፉ ፋይል ሲከፈት ግን ዲስኩ ቀድሞ ተከፍቷል፣ ቲፒኤም እዚያ ምንም አይሠራም።

በቃል ስላላመነኝ ደንበኛዋን አስፈቅጄ ኤስኤስዲውን ፈታሁት፣ በዩኤስቢ ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። የደመወዝ ሠንጠረዦቻቸው ያለ ምንም ፓስወርድ ተከፈቱ። ሴትዮዋ ደነገጡ። ቲፒኤሙ ፍተሻውን አልፏል፣ ግን ዲስኩን የሚያመሰጥረው ቢትሎከር ስላልበራ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ዊንዶውሳቸው ፕሮ ስለሆነ አበራነው። ምስጠራው ሲያልቅ በዚሁ ትዕዛዝ አረጋገጥኩ፦

```
manage-bde -status C:
```

«Protection On» አለ። ኤስኤስዲውን መልሰን በዩኤስቢ ስንሰካው ባለ 48 አሃዙን ሪከቨሪ ኪ ጠየቀን። ባልደረባዬ ዝም አለ።

የፕሮሰሰሩ ጉዳይ ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ከጥቂት ሞዴሎች በስተቀር ኢንቴልን ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው የሚቀበለው። አንዱ ምክንያት ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ነው፤ ክፉ ኮድ የዊንዶውስ እምብርት የሆነው ከርነል ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው። ይህን የሚያቀልል አቅም የሌላቸው የቆዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። 7ኛው ጀነሬሽን ግን አቅሙ አለው፣ ዊንዶውስ 10 ላይም በ«Core isolation» ይበራል። አበራንላቸው።

ፍተሻውን በሬጂስትሪ አልፎ 11ን መጫን ይቻል ነበር። አልፈለግሁም፣ ምክንያቱም ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን አፕዴት ይደርሳል ብሎ ዋስትና አይሰጥም፣ እሳቸው ደግሞ የሰው ደመወዝ ይዘዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ የተራዘመው የደህንነት አፕዴት ላይ አስመዘገብናቸው። ጊዜ ይገዛላቸዋል፣ ለዘላለም አይደለም።

ሪከቨሪ ኪውን አትሜ ሰጠኋቸው። ባዮስ አፕዴት ሲደረግ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ሊጠይቅ ይችላል፣ ከጠፋ ፋይሉን እኛም አናወጣውም። ወረቀቱን አጥፈው ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ሲከቱት አየሁና «እዚያስ አይሆንም፣ ቤት ያስቀምጡት፣ ሌባው ሁለቱንም አብሮ እንዳይወስድ» አልኳቸው።