ከመሳቢያ የወጣው የአያት የኪስ ሰዓት፦ ሳልወለውለው ያነበብኩት ታሪክ

ሴት አያቷ ካረፉ በኋላ መሳቢያ ሲጸዳ የተገኘውን የኪስ ሰዓት ደንበኛዬ ስታስረክበኝ ሦስት ነገር ነገረችኝ። ሰዓቱ የአያቷ እንደነበረ፣ አያቷ ሲያገቡ ባለቤታቸው አዲስ ገዝተው እንደሰጧቸው፣ በመጨረሻም አያቷ «ከልክ በላይ ሞልቼ ሰበርኩት» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲጸጸቱ እንደኖሩ። ከሦስቱ ሳይነቃነቅ የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሰዓቱን የተቀበልኩት ለጥገና ቢሆንም የሥራው ግማሽ ንባብ ሆኖ አረፈው፤ ያነበብኩትንና ያነበብኩበትን መንገድ እነሆ ጽፌዋለሁ።

የብር ቀፎው ከዘመን ብዛት ጠቁሮ ስለነበር ደንበኛዬ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ቢወለወል አይሻልም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን አሮጌ ሰዓት ከመነበቡ በፊት እንዲወለወል አልፈቅድም። ብር ለስላሳ ማዕድን በመሆኑ እያንዳንዱ ውልወላ ከላዩ ጥቂት ይልጣል፤ የሚላጠው ደግሞ ጥቁረቱ ብቻ ሳይሆን በቀፎው ላይ የቀሩት ስስ ጭረቶችም ናቸው። ጥቁረቱ እንዲያውም ለአንባቢ ረዳት ነው፤ በጭረቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ፊደሉን ጎላ አድርጎ ያሳያል። በዚሁ ምክንያት ቀፎውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ከአቧራ ብቻ አጽድቼ፣ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አንስቼ፣ መሙያውን ሳልነካ የኋላ ክዳኑን ከፈትኩ።

አብዛኞቹ አሮጌ የኪስ ሰዓቶች ከኋላ ክዳናቸው ሥር ሞተሩን ከአቧራ የሚጠብቅ ሁለተኛ የውስጥ ክዳን አላቸው። በዚህኛው ሰዓት የውስጥ ክዳን ላይ ሰዓቱ በመሙያ የሚሞላ፣ የሲሊንደር አሠራር ያለው፣ ዐሥር ሩቢ ድንጋይ የተገጠመለት መሆኑ በፈረንሳይኛ ተቀርጿል፤ የሠሪው ስም ግን የለም። ከጽሑፉ በታች የ1889 (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሜዳልያ ምስል አለ፤ የአይፍል ማማ የተሠራው ለዚህ ኤግዚቢሽን ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሜዳልያ ሲያይ ሰዓቱ በዚያ ዓመት እንደተሠራ ወይም ተሸላሚ እንደነበረ አድርጎ ይወስደዋል። ምስሉ የሚያስረግጠው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ከኤግዚቢሽኑ በፊት ሊሠራ አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ ሜዳልያ የሰዓት ማስጌጫ ሆኖ ሲቀረጽ ኖሯል።

የኋለኛውን ወሰን የሰጠኝ ከክዳኑ ውስጥ በኩል የተመታ ማኅተም ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ 0,800 የሚል ቁጥርና ከአጠገቡ የዱር ዶሮ የምትመስል ትንሽ ወፍ ይታያል። ቁጥሩ ከሺህ እጅ ስምንት መቶው ንጹሕ ብር ነው ማለት ሲሆን፣ ወፏ ስዊዘርላንድ ለዚህ የብር ደረጃ ከ1882 ጀምሮ ትጠቀምበት የነበረ የመንግሥት ማረጋገጫ ናት። ማኅተሙ በዚህ መልኩ ያገለገለው እስከ 1934 ነበር። ስለዚህ ሰዓቱ የተሠራው በ1889 እና በ1934 መካከል ነው ማለት ነው፤ አርባ አምስት ዓመት ግን ለቤተሰብ ታሪክ እጅግ ሰፊ ነው።

ወሰኑን ያጠበቡልኝ ከእኔ በፊት በሰዓቱ ላይ የሠሩ ባልደረቦቼ ናቸው። የጥንት ሰዓት ጠጋኞች ሥራቸውን ሲጨርሱ በክዳኑ ውስጥ በሹል መርፌ ቀጭን ምልክት ይጭሩ ነበር፤ አንዳንዱ ቀን፣ አንዳንዱ የመዝገብ ቁጥር፣ አንዳንዱ ራሱ ብቻ የሚያውቀውን ፊደል ይጽፋል። ዓላማው ሰዓቱ ተመልሶ ሲመጣ ማን መቼ እንደሠራው ለማወቅ ነው። ጭረቶቹ ከፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን አይታዩም፤ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ብርሃኑ ብረቱን በጎን እየዳሰሰ እንዲያልፍ ሳደርግ ሦስት የተለያዩ እጆች ብቅ አሉ። አንዱ የመዝገብ ቁጥር ብቻ ስለሚመስል ወደ ጎን ተውኩት። ሁለተኛው «4/26» ይላል፤ ይህ የአራተኛው ወር 1926 ሊሆን ይችላል፣ የአራተኛው ወር ሃያ ስድስተኛ ቀንም ሊሆን ይችላል፣ ከቀን ጋር ጭራሽ ላይገናኝም ይችላል። ሦስተኛው ግን አራቱንም አኃዝ አሟልቶ «9.1908» ብሎ ጽፏል። በ1908 ለጥገና የገባ ሰዓት ከዚያ በፊት የተሠራ መሆኑ አያከራክርም።

የደንበኛዬ አያት የተወለዱት በ1931 ነው። ለጥገና ከገባ ቢያንስ ሃያ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ የተወለዱ ሴት ሲያገቡ ይህ ሰዓት አዲስ ሆኖ ሊገዛላቸው አይችልም። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥርጣሬ መወገድ ነበረበት። ምልክቶቹ ሁሉ ያሉት በቀፎው ላይ ነው፤ አሮጌ ቀፎ ደግሞ ሌላ ሞተር ሊገጠምለት ይችላል፤ በንግዱ ዓለም ይህ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ሞተሩ ከሌላ ቀፎ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩን የሚይዙት ብሎኖች የቀፎውን ጠርዝ ሲጫኑ የሚተዉት ምልክት በሁለት ቦታ ይገኝ ነበር። እኔ ያገኘሁት በአንድ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ቆጣሪዎቹን ለማስተካከል ከመሙያው አጠገብ የምትጫነው ትንሽ ፒንም ከቀፎው ቀዳዳ ጋር ልክ ለልክ ትገጥማለች። ሁለቱ አብረው የኖሩ ናቸው።

በጀርባው መካከል ሙሉ በሙሉ የለሰለሰ የሚመስል ክብ ነበር። በጎን ብርሃን ሲታይ እርስ በርስ የተጠላለፉ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤም እና ኬ፣ ወጡ። ደንበኛዬ የአያቷ ስም በሁለቱም ፊደላት እንደማይጀምር ነገረችኝ፤ የወንድ አያቷ እናት ስም ግን በኤም፣ የቤተሰባቸው ስም በኬ ይጀምራል። ወዲያው «እንግዲያው የአማታቸው ነበር!» አለች። የመሰለኝ እኔንም እንዲሁ ነው፤ ባልየው የእናታቸውን ሰዓት ለሙሽራቸው ሰጥተው፣ ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ሰጧቸው» የሚለው «ገዙላቸው» ወደሚለው ተለውጦ ይሆናል። ሆኖም ሁለት ፊደል ሁለት ፊደል ነው፤ በእነዚያው ፊደላት የሚጠራ እንግዳ ሰውም የሰዓቱ ባለቤት ሊሆን ይችል ነበር። ይህንንም ሳልሸሽግ ነግሬያታለሁ።

ወደ ስብራቱ ልመለስ። መሙያው እስከ መጨረሻው ተሞልቶ አልዞርም ይላል፤ ሰዓቱ ግን አይሠራም። «ከልክ በላይ ተሞላ» የሚባለው እምነት የተወለደው ከዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ነው። ደህና ሰዓት እስከ መጨረሻው ሊሞላ ይገባዋል፤ ኃይሉን የሚያከማቸው ጥምዝ ብረት፣ ማለትም ሞላው፣ ሞልቶ ሳለ ሰዓቱ ካልሄደ ኃይሉ መንገድ ላይ ታግዷል ማለት ነው እንጂ መሙላቱ ጥፋት አይደለም። ሰው የቆመ ሰዓት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው መሙላት ስለሆነ፣ ሌላ ምክንያት ያቆመው ሰዓት ሁሉ መጨረሻ ላይ ሞልቶ ይገኛል።

የሲሊንደር ሰዓት ሲፈታ ይህ የታመቀ ኃይል አስቀድሞ መውጣት አለበት። በኋላ በተስፋፋው የመልሕቅ አሠራር፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት በሚመጥነው ባላንስና በመጨረሻው ጥርሳም ጎማ መካከል ጎማውን አግዶ የሚይዝ መልሕቅ አለ፤ በሲሊንደር አሠራር ግን ያ የለም፤ ጎማውን የሚያግደው ራሱ የባላንሱ ዘንግ የሆነው ባዶ ቱቦ ነው። ሞላው ሳይራገፍ ባላንሱን ያነሣ ሰው ጎማዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲበሩ ያያል፤ ስስ ጥርሶችና የዘንግ ጫፎች የሚሰበሩት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ መሙያውን በጣቶቼ ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ ሞላው ወደ ኋላ እንዳይፈታ የምታግደውን ትንሽ መንጋጋ በቀጭን እንጨት ገፋ አደረግኩና መሙያው በጣቶቼ መካከል ቀስ እያለ ወደ ኋላ እንዲዞር ፈቀድኩለት።

ባላንሱን በወረንጦ ሳነሣው ነገሩ ግልጽ ሆነ። የላይኛው የዘንግ ጫፍ ከሥሩ ተሰብሯል፤ ባላንሱም በአንድ ወገን ተዘንብሎ ጎማውን ነክሶ ይዟል። እንዲህ ያለ ጫፍ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ብዙም ስለማይርቅ በመውደቅ ይሰበራል፤ በመሙላት ግን አይሰበርም። ቀፎውን መልሼ ስመለከተው ከመሙያው አጠገብ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ ከዚያው ስፍራ ትይዩም የነጩ ገጽ ኢናሜል በፀጉር ቀጭን መስመር ተሰንጥቋል። ሰዓቱ ወድቆ ነበር። ወድቆ ቆመ፤ የቆመውንም አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ሞላው። አያቷ የሞሉት እሳቸው ቢሆኑ እንኳ የሞሉት አስቀድሞ የተሰበረ ሰዓት ነው።

ጥገናው ራሱ ከንባቡ ያነሰ ወሬ አለው። ሲሊንደሩ ሳይሰነጠቅ በመትረፉ ዕድለኞች ነን፤ እሱ ቢሰበር ሙሉ በሙሉ አዲስ መሥራት ግድ ይሆን ነበር። የዘንጉ ጫፎች በቱቦው ሁለት ጫፎች በተወተፉ ትናንሽ የብረት መሰኪያዎች ላይ ያሉ በመሆናቸው፣ የላይኛውን መሰኪያ አውጥቼ በልኩ የተቀረጸ አዲስ ብረት ተካሁበት። የታችኛው መሰኪያ ከእኔ በፊት አንድ ጊዜ የተለወጠ ነው፤ ብረቱ ነጣ ያለ ሲሆን ጠርዙም በመዶሻ የተነካካ ነው፤ ምናልባት የ«4/26» እጅ ሥራ ይሆናል። ሙጫ የሆነውን አሮጌ ዘይት አጥቤ፣ ድንጋዮቹንና የመጨረሻውን ጎማ ጥርሶች በአዲስ ዘይት ነክቼ ገጠምኩት። የሲሊንደር ሰዓት ሲሠራ ሁልጊዜ የሚፋተግ በመሆኑ ከሱ ልክ ያለ ጊዜ መጠበቅ አይገባም፤ በቀን ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢያጓድል ወይም ቢያተርፍ ጤናማ ነው። ለዘወትር መያዣነትም አልመክርም።

ደንበኛዬ ልትወስደው ስትመጣ ይበልጥ ያቆያት ስለ አማትየዋ የነገርኳት ሳይሆን የመውደቁ ነገር ነበር። «ታዲያ እሳቸው አልሰበሩትም?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም የተሰበረውን ጫፍ በማጉያው አሳየኋት። ቀፎው ሳይወለወል እንዲቀር በመስማማቷ ሦስቱ ጭረቶች እንዳሉ ናቸው። እኔ አራተኛ አልጨመርኩም፤ የሠራሁትን በወረቀት ጽፌ፣ እርግጠኛ የሆንኩበትን ከገመትኩት ለይቼ፣ የተሰበረውንም መሰኪያ በትንሽ ፖስታ አድርጌ ከሰዓቱ ጋር አስረከብኳት።