«ሐብሉ የእሷ አይመስልም»

ደንበኛው ሥዕሉን ሊወስድ መጥቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «እናቴ ናት። ሐብሉ ግን የእሷ አይመስልም» አለኝ።

ክው አልኩ። ፊቱ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ጌጡን ግን የጨመርኩት በመጨረሻው ቀን ነው። እሱ ባመጣው ፎቶ ላይ እናቱ ጉትቻም፣ ሐብልም፣ ሻሽም አላደረጉም። ሦስቱንም እንድጨምርለት ጠይቆ፣ ጌጦቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያነሳቸውን ሌላ ፎቶ ሰጠኝ። እኔም ሐብሉን ከዚያ ፎቶ ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ የተስተካከለ ቅስት።

ደንበኛው ሦስት ቀን ሰጥቶኝ ሄደ። አለቃዬ መጥተው ሥዕሉን አዩት። ምንም ሳይናገሩ ከመሳቢያ ክር አውጥተው አንገቴ ላይ አሰሩልኝና መስታወት ፊት አቆሙኝ። «አሁን ፊትህን ብቻ ወደ ግራ አዙር። ክሩን እየው» አሉኝ።

አገጬ ዞረ። ክሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ዝቅተኛው ነጥቡ አሁንም ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች በሚገናኙበት፣ አንገት ሥር ባለችው ጉድጓድ ላይ ነው።

ስህተቴ ወዲያው ገባኝ። ሴትየዋ ፊታቸው ወደ ግራቸው ዞሯል። እኔ ግን የሐብሉን ማንጠልጠያ ከአገጫቸው በታች በቀጥታ አስቀምጬዋለሁ። ከትክክለኛው ቦታ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ርቋል። ሐብል ፊትን አይከተልም፣ ትከሻንና ደረትን ነው የሚከተለው።

«አሁን ደግሞ በጎን በኩል ቁም» አሉኝና በስልክ ፎቶ አነሱኝ። ክሩ ማጅራቴ ላይ ከፍ ብሎ፣ የትከሻዬን ቁልቁለት ይዞ ወደ ፊት ይወርዳል። አንገት ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ አይደለም፣ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። ሥሩም ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሐብል አንገትን የሚዞር ያዘመመ ሞላላ ነው። ከፊል ጎን ሲታይ ወደ እኛ የቀረበው ወገን ረጅምና ለስላሳ መስመር ይሆናል። የራቀው ወገን ያጥርና ቶሎ ከአንገት ጀርባ ይጠፋል። የእኔ እኩል ቅስት አንገቱን ጠፍጣፋ ካርቶን አስመስሎት ነበር።

ጉትቻው ላይ ያለው ጥፋት ሌላ ነው። ሴትየዋ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ ትከሻቸው ዘንበል አድርገዋል፤ የሚታየውም ቀኝ ጆሯቸው ነው። እኔ ጉትቻውን የመንጋጋቸውን መስመር አስይዤ አብሬ አዘምሜዋለሁ። ተንጠልጣይ ጉትቻ ግን እንደ ግንበኛ ቱንቢ ነው። ጭንቅላት ቢያዘነብልም እሱ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል። በዘነበለው ወገን ከመንጋጋ ተለይቶ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ቢታይ ኖሮ፣ በተቃራኒው ጆሮ ያለው ቆዳ ላይ ያርፍ ነበር።

ሻሹ ብቻ ከጥፋት ተረፈ። መጀመሪያ የራስ ቅሉን ክብ በስሱ አውጥቼ፣ ለፀጉሩና ለጨርቁ ውፍረት ቦታ ትቼ ነበር የሳልኩት። ጠርዙም ግንባሩን ዞሮ ከጆሮ ጀርባ ይገባል።

ማረሙ ቀላል አልነበረም። ሐብሉን በጠንካራ እርሳስ ተጭኜ ስለሳልኩት ወረቀቱ ላይ ጭረት ቀርቷል። ጥቁረቱ በላጲስ ይለቃል፣ ጭረቱ ግን አይጠፋም። በመታሸት የሚለሰልሰውን ላጲስ ይዤ ሳላሽ፣ እየተጫንኩ ብቻ አነሳሁት። ከዚያ ሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት አንጥፌ ሦስት ምልክት አደረግኩ፤ ጉድጓዷን፣ ሐብሉ ወደ እኛ በቀረበው ትከሻ ላይ የሚታጠፍበትን፣ በሩቁ በኩል የሚሰወርበትን። እነሱን የሚያገናኘውን ሞላላ ደጋግሜ ሞከርኩ። አራተኛው ላይ አንገቱ ክብ ሆነ።

ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ ጥላው ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም እሱን እወደዋለሁ። ሰንሰለቱ የትከሻ አጥንት ላይ ሲያርፍ ጥላው ከሥሩ ተጣብቆ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ጉድጓዷ ላይ ሲደርስ ግን ሰንሰለቱ እንደ ድልድይ ይሻገራል፤ ጥላው ከእሱ ተለይቶ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ይህች ትንሽ ክፍተት ከሌለች ሐብሉ ቆዳ ላይ የተሳለ መስመር ይመስላል። አሮጌውንም ጭረት በዚሁ ጥላ ሸፈንኩት። የሰንሰለቱን ቀለበቶች አንድ በአንድ አልሳልኩም፤ ብርሃን የሚመታቸውን አምስት ስድስቱን ብቻ አወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ደንበኛው ተመለሰ። ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ወስዶ ጎንበስ አለ። ጣቱን ወረቀቱን ሳያስነካ፣ በጉትቻውና በመንጋጋው መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ እያሳየኝ፣ «ስታወራ እዚህ ጋ ነበር የሚወዛወዘው» አለኝ።